መስኮት ከፍቶ ማጨስ ልጁን አያድነውም

ልጅ ባለበት ቤት የሚያጨስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግዴለሽ አይደለም። ልጁን ታቅፎ አያጨስም። ተነስቶ መስኮት ይከፍታል፣ ወጥ ቤት ይገባል፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ ያጨሳል፣ ወይም ልጁ እስኪተኛ ይጠብቃል። ሁሉም ለልጁ ታስበው የሚደረጉ ናቸው፤ የሚያሳዝነው አብዛኞቹ የታሰበላቸውን ያህል አለመሥራታቸው ነው። ልጁ በየሁለት ወሩ ጆሮውን ሲታመም ወይም ሌሊት ሲር ሲር እያለ ሲነቃ፣ ቤተሰቡ “እኛ እኮ እሱ ባለበት አናጨስም” ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጭሱ ግን አጫሹ በቆመበት አይቆምም።

ማጨስ ማቆም ከሁሉም ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የሚያቆም ሰው እስኪያቆም ወራት ሊፈጅበት ይችላል፣ ልጁ ደግሞ ዛሬ ማታም እዚያው ቤት ይተነፍሳል። ስለዚህ እዚህ የማተኩረው አንድ ጠባብ ጥያቄ ላይ ነው፤ አጫሹ የት ይቁም? ከዚያ ሲመለስስ ምን ያድርግ?

አንድ ሲጋራ በአንድ ክፍል ውስጥ

ከሲጋራ ጭስ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አጫሹ ስቦ መልሶ የሚተነፍሰው ነው። ሁለተኛው ሲጋራው በጣት መካከል ተይዞ ሳለ ከሚነደው ጫፍ እየተነሳ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የሚበተነው ነው። ቤት ውስጥ ከሚከማቸው ጭስ አብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በሲጋራው ማጣሪያም ሆነ በአጫሹ ሳንባ አላለፈም። “ጭሱን በመስኮት ወደ ውጭ ነው የምተነፍሰው” የሚለው ጥንቃቄ ብዙም የማይረዳው ለዚህ ነው። ፊቱ ወደ ውጭ ቢሆንም እጁ ክፍሉ ውስጥ ነው።

መጠኑን በግምት ማስላት ይቻላል። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 2.7 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን 54 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ሲጋራ ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚገባ ደቃቅ ብናኝ 10 ሚሊግራም ገደማ ይለቃል። ይህ በክፍሉ አየር ላይ ሲከፋፈል በአንድ ሜትር ኩብ 185 ማይክሮግራም አካባቢ ይሆናል። መስኮትና በሩ አየር እያስገቡ የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 68፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ 25፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ 9 ይወርዳል። ማታ ቤቱ ሲዘጋጋ ግን የአየር ልውውጡ በግማሽ ቢቀንስ፣ 25 ላይ ለመድረስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ልጁ ከተኛ በኋላ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሳሎን የተጨሰች ሲጋራ፣ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም ልጁ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ አልጠፋችም። ጭሱ በዓይን አይታይም፤ ሽታውንም ቤቱ ውስጥ የቆየ ሰው ለምዶታል።

ቀኑን ሙሉ እንይ። እዚሁ ሳሎን ውስጥ በቀን አምስት ሲጋራ ቢጨስ፣ አየሩ በሰዓት አንድ ጊዜ እየተለዋወጠም እንኳ የ24 ሰዓቱ አማካይ 39 ማይክሮግራም አካባቢ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት የሚያስቀምጠው ጣሪያ 15 ነው። አምስት ሲጋራ ደግሞ ብዙ አጫሾች “ቤት ውስጥ እኮ ትንሽ ነው የማጨሰው” የሚሉት መጠን ነው። ይህ ስሌት ብናኙን ብቻ የሚቆጥር መሆኑም አይረሳ፤ ኒኮቲንና ሌሎቹ ጋዞች ከዚህ ውጭ ናቸው።

መስኮቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ በሩ

መስኮት አየር የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን የሚገባበትም ነው። ነፋሱ በዚያ በኩል ከመጣ፣ ወይም ከቤቱ ሌላኛው ጫፍ ሌላ መስኮት ተከፍቶ ከሆነ፣ አየሩ አጫሹ በቆመበት መስኮት ገብቶ ጭሱን ይዞ ወደ ውስጥ ክፍሎች ይሄዳል። የትኛው እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ መያዝ በቂ ነው። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ከዘመመ አየሩ እየገባ ነው። አምስት ደቂቃ ቆይቶ በድጋሚ ቢሞከር አቅጣጫው ተቀይሮ ሊገኝ ይችላል፤ መስኮት ላይ የማልተማመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከምድጃ በላይ የሚገጠመው የጭስ መሳቢያም ያታልላል። አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ውጭ አያስወጣም፤ አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ወጥ ቤት ይመልሰዋል። ወደ ውጭ የሚያስወጣውም ቢሆን የተሠራው በቀጥታ ከሥሩ የሚነሳ ሙቅ እንፋሎት ለመያዝ ነው። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው እጅ የሚነሳው ጭስ አብዛኛው ያመልጠዋል። ተራ ቬንትሌተር ደግሞ አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ምንም አያስወጣም፤ እንዲያውም ጭሱን ቶሎ ለሁሉም ክፍል ያዳርሳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ደጋግሜ የምመለስበት ጥናት በ2004 የታተመ የስዊድን ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ሽንት ውስጥ ኮቲኒንን ለኩ። ኮቲኒን ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚቀረው ነገር ነው፤ ልጁ ስንት ጭስ እንደወሰደ የሚናገረውም እሱ ነው። አጫሽ የሌለበት ቤት ልጅ መጠን 1 ቢባል፣ ወላጁ ደጅ ወጥቶ በሩን ዘግቶ የሚያጨስበት ልጅ 2 ያህል ሆነ። ወላጁ የተከፈተ በር አጠገብ ቆሞ የሚያጨስበት 2.4 ገደማ ሆነ። ወጥ ቤት መሳቢያው ሥር የሚያጨስበት ከ3 በላይ ሆነ። አንዳንዴ ወጥ ቤት መሳቢያው ሥር፣ አንዳንዴ በር ላይ፣ አንዳንዴ ደጅ እያሉ የሚያቀያይሩ ወላጆች ልጆች 10 ደረሱ። ቤት ውስጥ እንደልብ በሚጨስበት ደግሞ 15።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ደጅ ወጥቶ በሩን ዘግቶ ማጨስ ነው፤ ከ15 ወደ 2 መውረድ ሙሉ መፍትሔ ባይሆንም ለልጁ ጆሮና ሳንባ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው፣ መቀያየር ይጎዳል። “አብዛኛውን ጊዜ ደጅ ነው፣ ሲዘንብ ብቻ ወጥ ቤት” የሚለው ደንብ ልጁን ደጅ ከሚያጨሱት ይልቅ ቤት ውስጥ ከሚያጨሱት ጋር ያስጠጋዋል። የአየር ማጽጃ ማሽን ገዝቶ በዚህ መካከል የሚመጣ ዘዴ የለም ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥሩ ማጣሪያ ያለው ማሽን ብናኙን ይቀንሳል፤ ኒኮቲኑንና ጋዙን ግን ያሳልፋል። በባልቲሞር አስም ባለባቸው ልጆች ቤት ተገጥሞ በተጠና ጊዜም ብናኙ ሲቀንስ የልጆቹ ኮቲኒን አልቀነሰም። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን በ2006 ባወጣው ሪፖርት አየር ማናፈስም ሆነ ማጣራት አይበቃም፣ የሚበቃው ቤት ውስጥ አለማጨስ ብቻ ነው ሲል የደመደመው እንዲህ ያሉ ነገሮችን አይቶ ነው። ሽታውን በሽቶ መሸፈን ደግሞ መርዙን እዚያው ትቶ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያጠፋል።

ጆሮ ለምን?

ጭስ ሳንባ ይጎዳል ሲባል ሁሉም ይረዳል፤ ጆሮ ሲባል ግን ወላጅ ይገረማል። ምክንያቱ የሚገኘው መሃል ጆሮን ከአፍንጫ ጀርባ ጋር በምታገናኝ ቀጭን ቧንቧ ላይ ነው። ቧንቧዋ በምንውጥበትና በምናዛጋበት ጊዜ ለቅጽበት ትከፈትና አየር ታስገባለች፤ ውስጧን ያለበሱት ጥቃቅን ጸጉሮች ደግሞ ፈሳሹን ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። በትልቅ ሰው ረዘም ብላ ወደ ታች ዘንበል ያለች ስትሆን፣ በሕፃን ግን ግማሽ ያህል ርዝመት ብቻ አላት፤ አግድም የተኛችና ቶሎ የምትደፈንም ናት።

ጭሱ እነዚያን ጸጉሮች ያደነዝዛል፣ ንፍጡን ያወፍራል፣ የቧንቧዋን አፍና ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን ሥጋ ያሳብጣል። ቧንቧዋ ስትዘጋ መሃል ጆሮ ውስጥ የቀረው አየር በዙሪያው ባለው ሥጋ ይመጠጣል፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ባዶው ቦታ ፈሳሽ ይሞላዋል። ጉንፋን ሲመጣ ጀርሙ ከአፍንጫው ተነስቶ የተዘጋጀ ኩሬ ያገኛል፤ ያ ነው የሚያስለቅሰው፣ የሚያተኩሰው፣ አንዳንዴም ታምቡር ቀዶ መግል የሚያወጣው። የምታጨስ እናት ልጅ በመሃል ጆሮ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ሌላ የቤተሰብ አባል ሲያጨስ ጭማሪው ያንሳል፣ ግን አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማያመው ፈሳሽ ነው። ኢንፌክሽኑ አልፎ ፈሳሹ ሲቀር ልጁ አያለቅስም፣ አያተኩስም፤ ጆሮውን በጣቱ እንደደፈነ ሰው ነው የሚሰማው። ወላጅ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቴሌቪዥን ድምፅ ጨምሩ ይላል፣ ከኋላው ሲጠሩት አይዞርም፣ ፊት ለፊት ሲያናግሩት ግን ይመልሳል፣ “እ?” ይበዛበታል፣ ወይም ቃላት የሚጀምርበት ዕድሜ ደርሶ ይዘገያል። ይህን ባለጌነት ወይም ግትርነት አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ልጁ በጨዋታ ተጠምዶ ሳለ ከጀርባው ሁለት ሜትር ርቆ፣ ጥላም ሳይታይ፣ በሹክሹክታ ስሙን ወይም የሚወደውን ነገር መጥራት። በተለያየ ቀን ደጋግሞ ካልዞረ መታየት አለበት። ሙከራው ግን ምርመራ አይደለም፤ ፈሳሹን ማየት የሚችለው በመሣሪያ ጆሮውን የሚያይ ባለሙያ ነው።

ደረት፣ ከዚያም አስም

ሕፃን በደቂቃ ከትልቅ ሰው እጥፍና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል፣ የአየር ቧንቧዎቹም ጠባብ ናቸው። ጠባብ ቧንቧ ትንሽ ሲያብጥ የሚቀረው ቀዳዳ በጣም ያንሳል። ጭሱ ያሳበጠውን ቧንቧ ጉንፋን ሲጨምርበት፣ ትልቅ ልጅ በአፍንጫ ፈሳሽ የሚገላገለውን ቫይረስ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሆስፒታል ገብቶ ሊታከምበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲታመም ወላጅ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ትንፋሽ መቁጠር ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስና ጡት ሳይዝ ልብሱን ገልጦ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የታችኛው ደረት ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ያቃተው ከሆነ ቀን መጠበቅ የለም፣ ወዲያው ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃናት ትንፋሽ እያፈጠኑና እያቆሙ ስለሚተነፍሱ።

አስም ያለበት ልጅ ላይ ጭሱ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጥቃቱን በራሱ ይቀሰቅሳል፤ በተጨማሪም ቧንቧዎቹን ሁልጊዜ የተቆጡ አድርጎ ስለሚያቆያቸው፣ አቧራውም ቅዝቃዜውም ሩጫውም በቀላሉ ያስነሣዋል። ቤቱ የሚጨስበት አስም ያለበት ልጅ በአስም ሆስፒታል የመተኛት ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሐኪሙ የየቀኑን መድኃኒት መጠን ሲጨምርና ሲጨምር ለውጥ ከጠፋ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ሁለት ነገር ይታይ፤ ኢንሄለሩ የሚገጠምበት ቱቦ፣ ስፔሰሩ፣ በትክክል መያዙና የቤቱ አየር። ጭስ መቀነስ ምን ያህል እንደሚሠራ ከስኮትላንድ የመጣ መረጃ አለ። በመጋቢት 2006 (እ.ኤ.አ.) በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ማጨስ ከተከለከለ በኋላ፣ ሲጨምር የቆየው በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ልጆች ቁጥር በዓመት 18 በመቶ ገደማ መውረድ ጀመረ። ክልከላው የሰውን ቤት አይመለከትም ነበር፤ የልጆቹ ደረት ግን ለውጡን አስተውሎታል።

አንድ ቤት፣ ሁለት ልጆች

ነገሩን በአንድ ቤት እንሞክረው። ሁለት ልጆች አሉ፤ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት፣ መሃል ጆሮዋ ፈሳሽ የያዘና ንግግር የዘገየባት፣ እና አስም ያለበት የሰባት ዓመት ወንድሟ። አባት በቀን 12 ያጨሳል፣ ከነዚህ አምስቱ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ናቸው። አያትም ያጨሳሉ፤ ጉልበታቸው ስለደከመ ደረጃ መውረድ ይከብዳቸዋል። እናት አታጨስም።

የመጀመሪያው ሥራ ደንቡን አንድ ማድረግ ነው። ቤቱ ውስጥ በየትኛውም ክፍል ማንም አያጨስም፤ ልጆቹ ቤት ባይኖሩም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ እንግዳ ቢመጣም። ደንቡን የሚጠብቀው ትልቁ ነገር የሲጋራ መተርኮሻው የት እንደሚቀመጥ ነው። መተርኮሻውና መለኮሻው ቤት ውስጥ እስካሉ እጅ ይሄድባቸዋል። ሁለቱም ደጅ ይውጡ፣ እዚያም ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ወንበር ይቀመጥ። ወንበሩ ከልጆቹ መኝታ መስኮት ሥርና ከበሩ አጠገብ አይሁን፤ ቢያንስ ሰባት እርምጃ ይራቅ። ሲወጡም ሲገቡም በሩ ከኋላ ይዘጋል። በረንዳ ብቻ ያለው ቤት የበረንዳውን በርና ከጎኑ ያለውን መስኮት አብሮ መዝጋት አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሩ ይዘጋና መስኮቱ ይረሳል።

አያትየውን ማን ያናግር? ልጃቸው ቢያናግር ይሻላል ባይ ነኝ። ምራት ስትናገር ነገሩ ክብር መንካት ሊመስል ይችላል። ከማባረር ይልቅ ከእርዳታ ይጀመር። “አባባ፣ ሐኪሙ የልጅቷ ጆሮ እንዲደርቅ ቤት ውስጥ ጭስ እንዳይኖር ብሎናል፤ እኔም ደጅ ነው የማጨሰው። ለእርስዎ ወንበሩን አመቻችቻለሁ፣ ሲፈልጉ ይዤዎት እወጣለሁ።” ደንቡ እሳቸውን ለይቶ እንዳልመጣ የሚያሳየው “እኔም” የሚለው ቃል ነው። አባትየው ራሱ መስኮት አጠገብ እያጨሰ ይህን ቢል ግን ዋጋ የለውም።

መውጣት በማይቻልባቸው ሰዓታት፣ በሌሊትና ጉልበታቸው በሚታመምበት ቀን፣ የኒኮቲን ማስቲካ ይረዳል። ከእንቅልፍ በነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ከሆነ 4 ሚሊግራም፣ ከዚያ ዘግይተው ከሆነ 2 ሚሊግራሙ ነው የሚመረጠው፤ የልብ ሕመም ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። ብዙ ሰው “ሞከርኩት፣ አልሠራም” የሚለው አኘካኘኩን ስላልተነገረው ነው። እንደ ተራ ማስቲካ ከታኘከ ኒኮቲኑ በምራቅ ተውጦ ሆድ ይገባል፤ ስቅታና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ የሲጋራ አምሮቱን ግን አያስታግስም። ትክክለኛው ቀስ ብሎ አኝኮ ማቃጠል ሲጀምር ማቆም፣ በጉንጭና በድድ መካከል ማሳረፍ፣ ስሜቱ ሲጠፋ ደግሞ ማኘክ ነው፤ ይህ ለ30 ደቂቃ ያህል ይቀጥላል። ማስቲካው ከመታኘኩ 15 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡናና ጭማቂ አይጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ እንዳያልፍ ያግደዋል። ማስቲካውም፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፈውም፣ ተጠቅመው የጣሉትም ለልጅ መርዝ ነው። የተነሳው ልጥፍ የሚያጣብቀው ገጹ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይጣል።

ከውጭ ሲመለሱ ደግሞ፣ አጫሽ የመጨረሻውን ጭስ ስቦ ከጨረሰ በኋላም ለአንድ ደቂቃ ገደማ ቅሪቱን ከሳንባው እየተነፈሰ ይቆያል። ስለዚህ ሲጋራውን አጥፍቶ ወዲያው አይገባም፤ ጥቂት ደቂቃ ደጅ ይቆያል። ደጅ በምስማር ላይ የምትሰቀል የማጨሻ ጃኬት ትኑር፤ ቤት አትገባም። እጅ እስከ አንጓው በሳሙና ይታጠባል፣ አፍ ይጉመጠመጣል፣ ከዚያ ልጅ ይታቀፋል። የሁለት ዓመት ልጅ የአባቷን ሸሚዝ አንገትጌ ትጠባለች፣ ጣቱን አፏ ትከታለች፤ በጨርቅና በቆዳ ላይ የቀረው ኒኮቲን የሚያልፍላት በዚህ መንገድ ነው። በስዊድኑ ጥናት በተዘጋ በርም ሳይቀር የቀረው 2 ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የቤቱ ያለፈ ጭስ ግድግዳው ላይ አለ። ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና የተነከረ ነጭ ጨርቅ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ አንድ ጊዜ ቢያብስ ቢጫ ወደ ቡኒ የሄደ ፈሳሽ ይዞ ይመለሳል። ያ ፈሳሽ ለዓመታት የተለጠፈው ኒኮቲንና ሬንጅ ነው፤ ግድግዳው ሲሞቅ ደግሞ እየተነነ ወደ አየሩ ይመለሳል። መጋረጃው፣ ብርድ ልብሱ፣ የሶፋው ልብስና የጨርቅ አሻንጉሊቱ ይታጠቡ፤ ግድግዳውና በሮቹ ይታበሱ፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይቀየር። በአንድ ቀን አያልቅም። ምንጣፍና ፍራሽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይለቁም፤ ስለዚህ የልጆቹ መኝታ ክፍል ይቅደም።

መኪናም ቤት ነው፣ ያውም የሦስት ሜትር ኩብ ያህል ቤት። የሾፌሩ መስኮት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ጭሱ ልጁ ወደተቀመጠበት ወደ ኋላ ወንበር ነው የሚሳበው። እዚያ ውስጥ ደንቡ አንድ ነው፣ አይጨስም። ሺሻም ያው ነው፤ ውኃው ጭሱን አያጸዳም፣ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲጋራ የሚለቀው ነገር ከእሳት ጭስ ያነሰ ቢሆንም ኒኮቲንና ደቃቅ ጠብታ ስለሚለቅ እሱም ደጅ።

የሚያጠቡ እናቶች ስለሚጠይቁ አንድ ነገር ልጨምር። የምታጨስ እናት ጡት ማጥባት አታቁም፤ ወተቷ የልጇን ደረትና ጆሮ ከኢንፌክሽን ይከላከላል። በወተት ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ የግድ ከሆነ ካጠባች በኋላ እንጂ ከማጥባቷ በፊት አታጭስ። የሚያጨስ ሰው ግን፣ ደጅ የሚያጨስም ቢሆን፣ ከጨቅላ ጋር በአንድ አልጋ አይተኛ፤ ሕፃን በእንቅልፉ በድንገት የመሞት አደጋው በዚህ ይጨምራል።

መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ለወንድየው ልጅ የአራት ሳምንት ማስታወሻ ይበቃል። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ቀን ሲር ሲር ብሏል ወይ፣ ሌሊት በሳል ነቅቷል ወይ፣ ማስታገሻውን ኢንሄለር ስንት ጊዜ ወስዷል። በዕድሜው ላለ ልጅ ማስታገሻውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የሚያስፈልገው ወይም ሌሊት የሚያነቃው አስም በቁጥጥር ሥር አልዋለም። አየሩ ከተለወጠ የሌሊቱ ሳል ለውጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ባይቀንስ እንኳ ማስታወሻው ለሐኪሙ ከ“ትንሽ ይሻለዋል” የተሻለ ይነግረዋል። መድኃኒቱ ግን “አየሩ ጸድቷል” ተብሎ በራስ ፈቃድ አይቋረጥ። ማስታወሻውን ሲያነቡ ወቅቱን አስቡ፤ ጉንፋን የሚበዛበት ወር ሲያልፍ ጆሮውም ደረቱም በራሱ ስለሚሻለው፣ ለውጡ ሁሉ ከጭሱ መቅረት አይደለም። መለካት ለሚፈልግ፣ ምርመራው በሚገኝበት ቦታ የልጁ ሽንት ወይም ምራቅ ለኮቲኒን ሊታይ ይችላል፤ የሚናገረው ግን ስላለፉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

ለልጅቷ ሦስት ወር ይጠበቃል። መሃል ጆሮ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ አብዛኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ አንቲባዮቲክ አያፋጥነውም። እስከዚያ ፊት ለፊቷ ሆኖ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ማነጋገር ይረዳታል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ቤት ውስጥ አጫሽ መኖሩን፣ ደንቡ መቼ እንደተጀመረም ይነገረው፤ ይህ መረጃ ውሳኔውን ይቀይራል። ከሦስት ወር በኋላ ፈሳሹ በሁለቱም ጆሮ ካለ የመስማት ምርመራ ይደረግላታል፣ መስማቷ ቀንሶ ከተገኘም ታምቡሯ ውስጥ ትንሽ ቱቦ ስለማስገባት ይነጋገራሉ። ቱቦው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ራሱ ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላ ጆሮዋ እንደገና በዚያችው ጠባብ ቧንቧ ላይ ስለሚደገፍ፣ መተርኮሻው ቱቦው በገባበት ወቅትም ደጅ እንዳለ ይቆያል።